የሁለት ነጥብ ጉዳይ

በእጄ ላይ አንድ የፈተና ወረቀት አለ። የአሥረኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ነው፤ ከታች በኩል በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ዜሮ ይታይበታል። ዜሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፈተናውን አርሜ ለማባዣ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። በዚያ ጥያቄ ላይ የቀረበውን ግጥም የጻፍኩትም፣ ለማመን ቢያስቸግርም፣ እኔ ነኝ። እነሆ በሦስት በደል ተከስሼ ቆሜያለሁ፤ ይሁንና ከእኔ ጋር አብሮ መከሰስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ ብዬ ስለማምን ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ። ጥያቄው ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ግጥሞች ተማሪዎቻችን ሳያነቧቸው ያውቋቸዋል። የእያንዳንዱ «መልእክት» ከታላላቆቻቸው ደብተር ተገልብጦ በቃል ተይዟል። ስለዚህ ባልደረቦቼ «ማንም አይቶት የማያውቅ ግጥም እናምጣ» ሲሉ እኔ ከመሳቢያዬ አንድ አሥራ አንድ ስንኝ ያለው ግጥም አውጥቼ ሰጠሁ። የጸሐፊው ስም አልተጻፈም። ታላቅ ግጥም ነው አልልም፤ ግን የሠራሁት እኔ በመሆኔ ብሎኖቹ የት የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለዛሬው ክርክርም እርሱ ይበቃል። እንዲህ ይላል፤

ሦስት ነን። እናቴ አራት ስኒ
ታጥባለች፤ አራት ትደረድራለች።
ቡናው እስኪሰክን፣ ጀበናውን
እንደ ታመመ ልጅ አስደግፋ
ትጠብቃለች።
ወንድሜ ይመጣል ብላ
አታውቅም። ስሙን አትጠራም፤
ስኒውን ትጠርጋለች።
አራተኛው ሲቀዘቅዝ
ማንም ሳያያት
ትጠጣዋለች።

በፈተናው ላይ የታተመው ግን እንዲህ አልነበረም። ፈተናው በሁለት ገጽ እንዲያልቅ ተፈልጎ፣ ጽሑፉን የተየበው ሰው አሥራ አንዱን ስንኝ ደርድሮ ወደ አራት መስመር አንቀጽ ለወጠው። ቃል አልጎደለም፤ ሥርዓተ ነጥብም አልተነካም። ረቂቁ ለእርማት እኔ ዘንድ ሲመጣ አነበብኩት፤ የፊደል ግድፈት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም፤ ፈረምኩ። የገዛ ግጥሜ ስንኞቹን ተነጥቆ ፊቴ ቆሞ ሳለ ልብ አላልኩትም። እንዴት? እንደ ግጥም ስላላነበብኩት ነው። እንደ ጥያቄ ምንባብ፣ ከውስጡ «መልእክት» እንደሚወጣለት ማሸጊያ አየሁት። ማሸጊያ ቢጨማደድ ማን ይከፋዋል?

ከግጥሙ ሥር የቀረበው ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነበረው። «የግጥሙ ዋና መልእክት ምንድን ነው? ሀ. የቡና ሥነ ሥርዓት ባህላዊ ዋጋ። ለ. ስደት በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት። ሐ. እናት ለልጇ ያላት የማይቆረጥ ተስፋ። መ. የጎረቤት ፍቅር።» የመልሱ ቁልፍ «ሐ» ይላል። አንዲት ተማሪ አንዱንም ሳታከብ ከዳር እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ሐ ልክ አይመስለኝም። ይመጣል ብላ አታውቅም ይላል። ተስፋ የሚያደርገው እጇ ነው እንጂ አፏ አይደለም። ደግሞ ማንም ሳያያት ካለ፣ ይህን የሚነግረን ሰው እንዴት አየ?»

ወረቀቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ሌሊቱም ገፍቶ ነበር። ያልተከበበ መልስ ዜሮ ነው። ዜሮ ጻፍኩና ወደ ቀጣዩ ሄድኩ። ያ የመጨረሻ ጥያቄዋ እንቅልፌን የነሳኝ ከተኛሁ በኋላ ነው። እውነት፣ ማን አየ? ግጥሙን ከጻፍኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ማንም ሳያያት» ብሎ የሚነግረን ልጅ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ያያል፤ እንዳላየም ይሆናል። እናትየው ስም ሳትጠራ ትኖራለች፤ ልጁ ደግሞ ማየቱን ሳይናገር ይኖራል። ዝምታው የሁለት ሰው ነው። ይህንን ከገጣሚው በፊት ያየችው በዜሮ የተሸኘችው ልጅ ናት። «ገጣሚው ምን ማለት ፈለገ?» እያልን የምንጠይቅ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ገጣሚውን ብትጠይቁት ኖሮ ከእርሷ ያነሰ መልስ ይሰጣችሁ ነበር።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። ግጥም መጀመሪያ ትርጉም ኖሮት ኋላ በዘይቤ፣ በስንኝና በድምፅ የሚያጌጥ ነገር አይደለም። ትርጉሙ የሚገኘው በእነዚሁ ውስጥ በማለፍ ነው፤ የቀረበለትን ምስል፣ የተሰበረበትን ቦታና የሚደጋግመውን ድምፅ ዘሎ ወደ «መልእክት» የሚሮጥ ተማሪ የሚደርሰው ከግጥሙ በፊትም ያውቀው ከነበረ አባባል ዘንድ ነው። «የእናት ተስፋ አይቆረጥም» የሚለውን ለማወቅ ግጥም ማንበብ አያሻም። በአነስተኛ የግድግዳ ጥቅስ ላይም ይገኛል። ይህን በጥቅሉ ብቻ ብለው ስብከት ስለሚሆን፣ በዚያው ግጥም ላይ አንድ በአንድ ላሳይ።

ከምስሉ ልጀምር። በክፍል ውስጥ «እንደ ታመመ ልጅ አስደግፋ» የሚለውን ሳነብ እጆች ይነሳሉ፤ «አነጻጻሪ ዘይቤ!» ይላሉ። ልክ ነው። «እንደ» ካለ አነጻጻሪ ነው፤ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ይህ የአንድን ሰው ስም ሰምቶ ሰውየውን አወቅሁ እንደማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የሚመጣው ከስሙ በኋላ ነው፤ ለምን ይህ ምስል ሆነ? ሌላ ምስል ቢሆንስ ኖሮ?

ቡና ያፈላ ሰው ያውቀዋል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶት ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ አተላው እስኪሰክን ድረስ አይነካም። ያንን ዘንበል ያለ ጀበና በብዙ ነገር መመሰል ይቻላል። «እንደ ሰከረ ሰው» ቢባል ቅርጹን በትክክል ያሳየናል። «እንደ ደከመው ሽማግሌ» ቢባልም እንደዚያው። እስቲ ተኩትና አንብቡት። ጀበናው አሁንም ዘንበል ብሏል፤ ግን ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ወጥቷል። «እንደ ታመመ ልጅ» ሲል፣ ወንድምየው ገና ሳይነሳ በአራተኛው ስንኝ ላይ አንድ ልጅ በእናትየው እጅ ውስጥ ገብቷል። ስለ ወንድሙ የምንሰማው በስድስተኛው ነው። ስለዚህ ወንድምየው ሲጠቀስ አንባቢው እንግዳ አይሆንበትም፤ እጇ አስቀድማ ይዛዋለች። ተማሪዋ «ተስፋ የሚያደርገው እጇ ነው» ያለችው ይህን ነው። የዘይቤውን ስም አልጻፈችም፤ ሥራውን ግን አይታለች።

ሌላም ምስል አለ፤ «እንደ» የሚል ምልክት ስለሌለው ማንም እጁን የማያነሳለት። «ስኒውን ትጠርጋለች።» ስኒ ይወለወላል፤ ይደርቃል፤ ይጠረጋልም። ይሁንና «መጥረግ» በአማርኛችን ከምን ጋር አብሮ የኖረ ቃል ነው? ከእንባ ጋር። በግጥሙ ውስጥ እንባ የሚል ቃል የለም፤ እናትየዋ አላለቀሰችም። ግን የእንባ ግሥ ስኒ ላይ ሲውል፣ እጇ ምን መጥረግ እንደለመደ እንገምታለን። «ስኒውን ትወለውላለች» በሉት፤ ስኒው ይበልጥ ይጠራል፤ እንባው ግን ይጠፋል። ምስል ማለት ንጽጽር ብቻ ነው ብለን ስላስተማርን፣ ተማሪው በአንድ ተራ ግሥ ውስጥ ተሸሽጎ የሚመጣውን ምስል አጠገቡ ሆኖ ያልፈዋል።

ወደ ስንኙ ልሂድ፤ የተበደለው እርሱ ነውና። አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አዎን ይሁን አይደለም፣ ተደረገ ይሁን አልተደረገ የምናውቀው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስንደርስ ነው። አድማጭ ሁልጊዜ ይጠብቃል። ይህ ጠባይ ለገጣሚ ትልቅ ሀብት ነው። ስንኙን ከግሡ በፊት ቢሰብረው፣ አንባቢው ትርጉሙ ያልተወሰነ ሐረግ ይዞ ባዶው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ዓይኑ ወደ ቀጣዩ ስንኝ እስኪወርድ ድረስ የመሰለውን ያምናል።

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ስንኝ እዩ። «ወንድሜ ይመጣል ብላ» ይልና ይቆማል። እዚያ ላይ የቆመ አንባቢ ቀጣዩን ቃል ራሱ ያዘጋጃል፤ «ትጠብቃለች»፣ «ታምናለች»፣ «ትጸልያለች»። የመልሱን ቁልፍ ያዘጋጀው ሰውም ልክ እዚህ ላይ ቆሞ የቀረ ይመስለኛል። ከዚያ ዓይናችን ሲወርድ «አታውቅም» እናገኛለን። ያዘጋጀነው ሁሉ ይፈርሳል፤ ይመጣል ብላ አታውቅም፤ አንድም ቀን አላለችም። ግን ነገሩ በዚህም አያበቃም። «አታውቅም» ከስንኙ ራስ ላይ ብቻዋን ስትቆም ሌላ ነገርም ትላለች፤ እውቀት የላትም፤ ይምጣ አይምጣ አታውቅም። ከፊቷ ካለው «ብላ» ጋር ስትያያዝ «ተናግራ አታውቅም» ነው፤ በራሷ ስትቆም «ምንም አታውቅም» ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንድንሰማ ያደረገን የስንኙ ስብራት ነው።

አሁን ደግሞ ፈተናው እንዳተመው በአንድ መስመር አንብቡት፤ «ወንድሜ ይመጣል ብላ አታውቅም።» ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገርም ነው። ግን ተስፋ የምናደርግበት ጠርዝ የለም፤ የምንወድቅበትም የለም፤ ሁለተኛዋ «አታውቅም» ደግሞ ከመጀመሪያዋ ጋር ተጣብቃ ድምጿ አይሰማም። አንድም ፊደል ሳይነካ ሁለት ትርጉም ተሰርዟል። አምስተኛው ስንኝም እንደዚያው ነው። በሰዋስው ስንሄድ እናትየዋ የምትጠብቀው ቡናው እስኪሰክን ነው። «ትጠብቃለች» ብቻዋን አንድ ሙሉ ስንኝ ስትይዝ ግን ቡናው ይረሳል፤ በቤቱ ውስጥ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። በአንቀጽ ውስጥ ስትቀበር ተመልሳ ቡና መጠበቅ ትሆናለች።

«የአማርኛ ስንኝ እንዲህ አይሰበርም፤ ስንኝ ሐሳቡን ጨርሶ ቤት መምታት አለበት» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉኝ። ያሉት ለብዙው የቆየ ግጥማችን እውነት ነው። የወል ቤትን የለመደ ጆሮ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ስድስት ቀለም፣ ከዚያም የቤቱን ምት ይጠብቃል። ቀረርቶና እንጉርጉሮ በጆሮ የሚኖሩ ስለሆኑ ስንኙ ማለቁን የሚያበሥረው ድምፅ ነው። ከገጽ ጋር የመጣው ግጥም ግን የዓይንን ጠርዝም መጠቀም ጀመረ። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም ብዙ ያከራከረው የለመድነውን የስንኝና የቤት ሥርዓት በመድፈሩ ነው፤ ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ስንኞቹን ሁሉ በእኩል ርዝመት ማሰለፍ ግዴታው አላደረገም። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ደግሞም በወል ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዕረፍት በቅጡ የሚሰማ ተማሪ፣ ስብራቱንም ይሰማል፤ በሁለቱም የሚጠየቀው «እዚህ ላይ ስቆም ምን አመንኩ?» የሚለው ነው። የሚቃረኑ ትምህርቶች አይደሉም።

ሦስተኛው የሚደጋገም ድምፅ ነው። በዚህም ልማዳችን ከስም አያልፍም። «ግጥሙ በምን ቤት ይመታል?» ሲባል ተማሪው ወደ ስንኞቹ መጨረሻ ይወርዳል፤ «ትደረድራለች፣ ትጠብቃለች፣ ትጠርጋለች፣ ትጠጣዋለች»፤ «በች!» ይላል። ልክ ነው። ግን ይህ «ች» የማን ነው? የሰዋስው ነው። አድራጊዋ «እርሷ» እስከሆነች ድረስ የአማርኛ ግሥ በዚህ ጊዜ «ች»ን በነጻ ይሰጣል። እናቴን በአባቴ ለውጡ፤ «ይደረድራል፣ ይጠብቃል፣ ይጠርጋል፣ ይጠጣዋል።» «ች» ጠፋች፤ «ል» ተተካች፤ ቤቱም ያለ ምንም ድካም እንደገና መታ። በነጻ የመጣ ድምፅ ብዙ ትርጉም አይሸከምም። ግሥን ለመጨረሻ በሚያቆይ ቋንቋ ቤት መምታት ቀላል የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜም የሚሰለቸው ለዚህ ነው።

አሁን ለውጡን ተቋቁሞ የቀረውን ድምፅ ፈልጉ። ያጥባል፣ ይጠብቃል፣ አይጠራም፣ ይጠርጋል፣ ይጠጣዋል። «ጠ» ከነዘሮቿ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ምክንያቱም ከግሡ ሥር ውስጥ ናት፤ ሰዋስው አልሰጣትም፤ ተመርጣ ነው የገባች። በፊት ስንጠይቀው የነበረውን እንጠይቅ፤ ባትመረጥስ ኖሮ? ታጥባለችን በታለቀልቃለች፣ ትጠብቃለችን በትቆያለች፣ አትጠራምን በአታነሳም፣ ትጠርጋለችን በትወለውላለች፣ ትጠጣዋለችን በትጎነጨዋለች ተኩ። ታሪኩ ያው ነው፤ «መልእክቱ»ም ያው ነው፤ በፈተናው ቁልፍ መሠረት የጎደለ ነገር የለም። ግን በአምስቱ ድርጊቶች መካከል የተዘረጋው ክር ተበጠሰ። ታጥባለች ብሎ ትጠብቃለች ሲል፣ ጆሮ «ጥ» እና «ብ»ን ተከትሎ ማጠብን ከመጠበቅ ጋር ያገናኛል፤ ስኒ ማጠቧ መጠበቋ መሆኑን ማንም ሳይነግረን እንሰማለን። «ስሙን አትጠራም፤ ስኒውን ትጠርጋለች» ሲል ደግሞ «ስ» ከ«ስ»፣ «ጠ» እና «ር» ከ«ጠ» እና «ር» ይገጥማሉ፤ ያልተጠራው ስም ቦታ ላይ የተጠረገ ስኒ ይቀመጣል። በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በሚመጣው «ጠ» ትጠጣዋለች። ስታጥብ የጀመረችውን ስትጠጣ ትዘጋዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ካላከልኩ እኔም ተማሪ አሳሳች እሆናለሁ። ይህን የሰሙ ጎበዝ ተማሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት «ጠ የኀዘን ድምፅ ነው» ብለው ይጽፋሉ። አይደለም። ጠጅም በ«ጠ» ይጀምራል። ድምፅ በራሱ ትርጉም የለውም፤ ሥራው ቃልን ከቃል ማገናኘት ነው፤ ያገናኛቸው ቃላት ትርጉም ሲነካኩ ነው ነገር የሚወለደው። ስለዚህ «ይህ ድምፅ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «ይህ ድምፅ ማንን ከማን ጋር አስተያየ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ትርጉም ያለው ጥንድ ካላመጣ፣ ድምፁ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ነውር የለበትም።

ተቃዋሚዎቼን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ እስከ ትናንት ድረስ ከእነርሱ አንዱ ነበርኩና። የመጀመሪያው ተቃውሞ «እንዲህ ከሆነ ማንም የፈለገውን ይላል፤ ሁሉም መልስ ልክ ይሆናል» የሚለው ነው። አይሆንም። በዚያው ፈተና ሌላ ተማሪ ከዳር «እናትየዋ ዕዳ ስላለባት ስኒዎቹን ትቆጥራለች» ብሎ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም ይታወቃል፤ ወደ አንድም ስንኝ ጣቱን መቀሰር አይችልም። ልብ በሉ፤ «ለ. ስደት»ም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ወንድምየው ወዴት እንደሄደ ግጥሙ አልተናገረም፤ ተሰዶ ይሆናል፣ ሞቶ ይሆናል፣ ታስሮ ይሆናል። ስደትን ያመጣነው እኛ ነን፤ ከየቤታችን። ታዲያ ለአንባቢ ልቅ ነጻነት የሚሰጠው የትኛው ነው? ስንኝ እየጠቀሱ መከራከር ነው ወይስ «መልእክቱ» እያሉ የልብን መናገር?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ ይዘን እንዲህ ያለውን መልስ ማን ያርመዋል?» እውነት ነው፤ ዜሮውን የጻፈችው የእኔው የደከመች እጅ ናት። ግን ምርጫችን በ«ሀ ለ ሐ መ» እና በሦስት ገጽ ሐተታ መካከል ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል፤ «ስንኝ 6 እና 7 በአንድ መስመር ቢጻፉ ምን ይጠፋል? በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ።» ወይም «በስንኝ 8 ትጠርጋለች የሚለው በትወለውላለች ቢተካ ምን ይለወጣል?» አንድ ነጥብ ለውጡን በትክክል ላመለከተ፣ አንድ ነጥብ ለውጡ በትርጉም ላይ ያደረሰውን ለተናገረ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ የአንዱ መልስ እርማት ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በቃል የተሸመደደ መልእክት ደግሞ እዚህ አያገለግልም፤ ግጥሙን ሳያነብ የሚመልሰው አይኖርም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ውጤቱ ተመዝግቦ ወደ ቢሮ ሄዶ ስለነበር፣ ሁለት ነጥቧን ላስመልስ ብሄድ «ያላከበበች ተማሪ ነጥብ የላትም» ተባልኩ። ደንቡ ትክክል ነበር። የቀረኝ ክፍሉ ነው። በማግሥቱ ግጥሙን በጥቁር ሰሌዳው ላይ በአሥራ አንድ ስንኝ ጻፍኩትና አንዱን ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ጠየቅሁት። «ወንድሜ ይመጣል ብላ» አለና ስንኙ ሲያልቅበት ቆመ፤ ሰሌዳው ላይ ቀጣዩን ፈለገ፤ «አታውቅም» አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «እ!» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ልጅቷን ተመለከትኳት። መልሷ ከቁልፉ የተሻለ እንደነበረ፣ ዜሮውም የእኔ ጥፋት እንደሆነ በክፍሉ ፊት ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ሰሌዳውን እያየች ነበር።

«መምህር፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አላገኘሁትም» አለች። «እኔ ያነበብኩት የተያያዘውን ነው። እርሷ ምንም ተስፋ በአፏ አላደረገችም ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ግን ለአንድ ስንኝ ያህል አድርጋለች።»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። «ሐ» ብሎ የመለሰውም፣ «ሐ አይደለም» ያለችውም፣ እኔም፣ ሁላችንም የተጣላነው ግማሹን ይዘን ነበር። ያቺ ባዶ ጠርዝ ወረቀት ለመቆጠብ ባትጠፋ ኖሮ ተስፋውም የተስፋው መሰበርም ፊት ለፊታችን በኖሩ ነበር። ሁለት ገጽ ፈተና ሦስት ገጽ ቢሆን ምን ነበረበት?

ይህን የምጽፈው ፈተና ለሚያወጡ ባልደረቦቼ ነው። ግጥሙን በስንኙ አትሙት። ከዚያ በኋላ፣ መልእክቱን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ አንዱን ስንኝ ሌላ ቦታ ሰብራችሁ ለራሳችሁ አንብቡት። ምንም ካልጠፋ የመረጣችሁት ግጥም ለፈተና አይሆንም፤ አንድ ነገር ከጠፋ ደግሞ ጥያቄያችሁ እርሱ ነው።